የፈረንሳይ ቢሮ ቅጽ ላይ ስምና የልደት ቀን እንዴት ይሞላል?

ባለፈው ክረምት ደሴ ለዕረፍት መጥቼ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። ባሏ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ነው የሚኖረው፣ ወደሱ ልትሄድ ነው። «ፈረንሳይኛውን ትንሽ ብታሳየኝ» አለችኝ። ሰላምታውንማ ከስልኳ ተምራለች። እኔ ያስተማርኳት ቅጹ ላይ የሚቀድሙትን ሦስት ሳጥኖች ነው። እኔን ወራት ያስከፈሉኝ እነሱ ናቸው። እዚህም የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

1. ፓስፖርትህን ፊትህ አስቀምጥ

ስምህን ከጭንቅላትህ አትጻፍ። ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ቅዳ። የልደት ሰርተፍኬትህን፣ የጋብቻ ወረቀትህን የሚተረጉምልህ ሰውም በዚሁ ፊደል እንዲጽፍ ንገረው። ሰይድ አንዱ ወረቀት ላይ Seid፣ ሌላው ላይ Seyid ከሆነ፣ ለኛ አንድ ሰው ነው። ለፈረንሳይ ቢሮ ግን ሁለት ሰው ነው። የትውልድ ቦታም እንደዚያው። አንዱ Dessie ሌላው Dese ቢል፣ ለምን እንደተለያየ አስረዳ ይሉሃል። ተርጓሚው ወረቀቱን ከማተሙ በፊት ፓስፖርትህን አሳየው፣ ከታተመ በኋላ ማስቀየር ሌላ ክፍያ ነው።

2. Nom ማለት የራስህ ስም አይደለም

መዝገበ ቃላት ብታይ `Nom` «ስም» ነው ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ቅጽ ላይ ግን የቤተሰብ ስም ማለት ነው። የራስህ ስም የሚገባው `Prénom` የሚለው ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ የሚወስነው ፓስፖርቱ ነው።

ሴትየዋ ዘሀራ ሰይድ አሊ ናት እንበል። ፓስፖርቷ ሰርኔም በሚለው ስር ALI ብቻ፣ የቀረውን ደግሞ ZEHARA SEID ብሎ ጽፏል። ቅጹ ላይ እንዲህ ትሞላለች፦

```
Nom : ALI
Prénom(s) : ZEHARA SEID
```

ከዚያ በኋላ በዚያ አገር «ማዳም አሊ» ናት። ይህን አስቀድማ ካልለመደችው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስሟ ሲጠራ አትነሳም፤ የሚጠራው የአያቷ ስም ነዋ። ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። በዚህ ተራው ያለፈው የአገር ልጅ አይቻለሁ።

ላገቡ ሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። `Nom d'usage` የሚል ሳጥን አለ። በትዳር የመጣ ወይም ሌላ የምትጠቀሚበት ስም ካለ ነው የሚሞላው፤ ግዴታ አይደለም። እኛ ጋ ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም። የባልሽን ስም አትጻፊበት፣ ባዶውን ተዪው።

3. የልደት ቀን

ሳጥኑ `JJ/MM/AAAA` ይላል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዘሀራ የተወለደችው ግንቦት 27 ቀን 1985 ከሆነ፣ በፈረንጆች ሰኔ 4 ቀን 1993 ይሆናል። ስለዚህ 04/06/1993 ትጽፋለች። በአሜሪካኖች ልማድ ወሩን አስቀድማ 06/04 ካለች ሚያዝያ 6 ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቀን ስለሚመስሉ ማንም አይነግራትም።

መሳሳቱን የምታውቂበት መንገድ አለ። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩ ሲመጣ መጀመሪያውን ተመልከቺ። ለሴት በ2 ይጀምራል፣ ለወንድ በ1። ቀጥሎ የልደት ዓመቱ ሁለት አሃዝ፣ ከዚያ ወሩ ይመጣል። ከፈረንሳይ ውጭ ለተወለደ ደግሞ 99 ይከተላል። የዘሀራ 2 93 06 99 ብሎ መጀመር አለበት። ከ93 በኋላ 04 ካለ ቀኑና ወሩ ተገለባብጠዋል፤ በዚያው ሳምንት ማመልከት ነው።

4. ስምን በአፍ ፊደል በፊደል መናገር

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ስምህን ሰምታ መጻፍ ስለማትችል «ፊደሉን ንገረኝ» ትልሃለች። እኛ ደግሞ ፊደሉን የምናውቀው በእንግሊዝኛ ነው።

የአባቴ ስም አየለ ነው፣ ፓስፖርቴ ላይ Ayele። እኔ በልበ ሙሉነት «ኤ፣ ዋይ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ» አልኩ። ለፈረንሳይ ሰው «ኢ» ማለት I ነው። «ዋይ» የሚባል ፊደል አያውቁም፣ ደግሜ ነግሬ ከወረቀት ተረዳችኝ። ሌላውን ግን እንደሰማችው ጻፈችው። Eyili የሚል ካርድ ወጣልኝ። ባንኩ በፓስፖርት ስሜ፣ ካርዱ በሌላ ስም ሆኖ ደመወዜ ዘገየ፤ ለማስተካከል ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ ፊደሉን ሁሉ ባትችል እንኳ የስምህን ፊደላት በፈረንሳይኛ በቃል ያዝ። የሚያሳስቱት ጥቂት ናቸው። A «አ» ነው፣ «ኤ» አይደለም። E አፍን ሰብሰብ አድርጎ «ኧ» ነው። I «ኢ» ነው። G «ዤ»፣ J «ዢ» ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ተገላብጠው ነው የሚሰሙት። H «አሽ»፣ W «ዱብለ ቬ»፣ Y «ኢ ግሬክ» ይባላሉ። ፊደል ሲደጋገም ቁጥሩን ያስቀድማሉ፤ Dessie ላይ ያለው ድርብ ኤስ «ደ ዜስ» ነው።

ዘሀራ ስሟን «ዜድ፣ ኧ፣ አሽ፣ አ፣ ኤር፣ አ» ትላለች። የአክስቴን ልጅ ቡና እየፈላ ይህን ብቻ አስደጋገምኳት። በሦስተኛው ቀን ሳትሳሳት አለችው።

ያም ሆኖ ስምህን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ። እያሳየህ ተናገር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ስህተቱ የሚቀረው። ሰላምታውን «ቦንዡር» አስቀድም፤ ሳይሉት ጥያቄ መጀመር እነሱ ዘንድ ነውር ነው።

5. ከመስኮቱ ሳትነሳ አንብብ

ወረቀቱን ስትሰጥህ እዚያው ቆመህ ስም፣ ቀን፣ የትውልድ ቦታ አንብብ። ከኋላህ ያለው ሰልፍ አያስጨንቅህ። ስህተት ካለ «ኢልያ ኡን ኤረር» በልና ጣትህን አሳርፍበት፤ «ስህተት አለ» ማለት ነው። ገና ሳይታተም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

6. የቀጠሮ ሰዓት

እነሱ ሰዓት የሚቆጥሩት እስከ 24 ነው። 14h30 ካለ ስድስት ቀንስ፣ በኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ 9h00 የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ማስታወሻዬ ላይ «9 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ ማስታወሻውን ሳየው በኛ አነበብኩትና ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አዲስ ቀጠሮ ያገኘሁት ከሁለት ወር በላይ ቆይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስጽፍ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በነሱ 9» ብዬ ሁለቱንም አሰፍራለሁ። የአክስቴ ልጅም ከደሴ ሳትነሳ የስልኳን ሰዓት ወደ 24 ቀይራዋለች።