ጎበዞቹ የሚስቱት፣ ደካሞቹ የሚያገኙት ጥያቄ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

የምርጫ ፈተና ታርሞ ካለቀ በኋላ አንዳንድ ጥያቄ ግራ ያጋባል። ከላይ የወጡት ልጆች ተያይዘው ስተውታል፣ ከታች ያሉት ግን አግኝተውታል። ብዙ ጊዜ «ጥያቄው ከብዷቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የመልስ ቁልፉን ነው።

ጥርጣሬውን በቁጥር ማየት ይቻላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት የ8ኛ ክፍል ሴክሽኖች አንድ ላይ 100 ተማሪ አላቸው እንበል። ወረቀቶቹን በጠቅላላ ውጤት ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። ከላይ 27፣ ከታች 27 ውሰዱ፤ የመሃሉን ተዉት። ከዚያ በየጥያቄው ሀን፣ ለን፣ ሐንና መን ስንት ስንት ልጅ እንደመረጠ በሁለቱ ቡድኖች ለየብቻ ቁጠሩ።

ከዚህ ቆጠራ ሁለት ቁጥር ይወጣል። አንደኛው የክብደት መጠን ነው፦ በሁለቱም ቡድን ያገኙት ተደምረው ለ54 ይካፈላሉ። ቁጥሩ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ጥያቄው ቀላል ነው። ሁለተኛው የመለየት አቅም ነው፦ ከላይኛው ቡድን ያገኙት ሲቀነስ ከታችኛው ያገኙት፣ ከዚያ ለ27 ይካፈላል። 0.30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው ለይቷል ይባላል። ከዜሮ በታች ከወረደ ግን የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ቁልፉ ተሳስቶ ከሆነ

ጥያቄው «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አየሩ የሚሞቀው ለምንድን ነው?» ይላል። ለ «ከፍታው ስለሚቀንስ» ነው፣ ሐ «ወደ ምድር ወገብ ስለምንጠጋ» ነው። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሐ ነው። ከላይኛው ቡድን ሐን የመረጡት 5፣ ከታችኛው 11 ናቸው። የክብደት መጠኑ 16 ለ54፣ ማለትም 0.30 ገደማ ነው። የመለየት አቅሙ ደግሞ −0.22 ሆነ።

አሁን ሌሎቹን ምርጫዎች እዩ። ለን ከላይኛው ቡድን 17፣ ከታችኛው 5 መርጠውታል። ጎበዞቹ በአንድ መልስ ላይ እንዲህ ከተሰበሰቡ ቁልፉን እንደገና ማንበብ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሁለቱ ከተሞች ደግሞ በጣም ስለሚቀራረቡ የምድር ወገብ ጉዳይ እዚህ ቦታ የለውም። ትክክሉ ለ ነው። ቁልፉ ሲስተካከል የክብደት መጠኑ 0.41፣ የመለየት አቅሙ 0.44 ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ፈተናው በኮድ የተከፋፈለ ከሆነ ቆጠራውን በየኮዱ ለዩት። ስህተቱ አንዱ ኮድ ላይ ብቻ ከሆነ የዚያ ኮድ ቁልፍ ሲገለበጥ ተዛብቷል።

ሁለት ትክክለኛ መልስ ካለ

ይሄኛው ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ቁልፉ ስህተት የለውም። «ከሚከተሉት በደቡብ ወሎ የሚገኘው ሐይቅ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ውሰዱ፦ ሀ ጣና፣ ለ ሎጎ፣ ሐ አርዲቦ፣ መ ዝዋይ። ቁልፉ ለ ነው። ከላይኛው ቡድን ለን 10፣ ሐን 16 መርጠዋል። ከታችኛው ለን 12፣ ሐን 6። የመለየት አቅሙ −0.07 ነው።

ጎበዞቹ እዚህ በሁለት መልስ ተከፍለዋል፤ ምልክቱ እሱ ነው። አርዲቦም እዚያው ደቡብ ወሎ ነው። ሎጎን ሁሉም ሰምቶታል፣ አርዲቦን የሚያውቀው በደንብ ያጠናው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ማርክ መቀነስ ግፍ ነው። ሁለቱንም ትክክል ብላችሁ ስትቆጥሩ 26 ከላይ፣ 18 ከታች ይሆናል፤ የመለየት አቅሙ ወደ 0.30 ይወጣል። ለዘንድሮ ለሁለቱም ማርኩን ስጡ። ለሚቀጥለው ፈተና አርዲቦን በላንጋኖ ተኩት።

ቁጥሩ ሲያሳስት

ሁሉም ልጅ ያገኘው ጥያቄ የመለየት አቅሙ ዜሮ ነው፣ ግን አልተበላሸም። መሠረታዊ ነገር የሚጠይቅ ከሆነ ይቆይ። ሌላው ደግሞ የተማሪ ማነስ ነው። አንድ ሴክሽን ብቻ ይዛችሁ ቡድኑ 13 ልጅ ከሆነ፣ አንድ ልጅ ሐሳቡን ቢቀይር ቁጥሩ 0.08 ይዘላል። ስለዚህ ትንሽ ከዜሮ በታች ስለወረደ ብቻ ጥያቄ አትሰርዙ። ምርጫዎቹን አንብቡ፣ ከላይ ከወጡት አንድ ሁለቱን ጠርታችሁ «ይሄን ለምን መረጥክ?» በሏቸው። መልሳቸው ከቁጥሩ በላይ ይነግራችኋል።

ማርክ ከተስተካከለ ጠቅላላ ውጤቱም ይቀየራል፣ ስለዚህ ከላይና ከታች ያሉት 27ቱ ልጆች ያው ላይሆኑ ይችላሉ። ወረቀቶቹን እንደገና ደርድሩና ቆጠራውን ድገሙት። ሮስተር ላይ የሚሞላው ውጤት ከዚህ በኋላ ያለው ነው።