«ይዛለች» የተባለችው ላም ባዶ ስትሆን፦ የላምና የፍየል እርግዝና ምርመራ የት ላይ ይሳሳታል?

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሰበታ በኩል ድቅል ላም የሚያረባ ሰው አንድ ልማድ አለው። ላሟ ከተዳቀለች በኋላ በ21 ቀኗ ኮርማ ካልፈለገች «ይዛለች» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። ግን ድራቷ ሌሊት ላይ ሳይታይ አልፎ ሊሆን ይችላል። ማህፀኗ ታሞም ሊሆን ይችላል። እርግጡን የሚናገረው እጅ ወይም አልትራሳውንድ ነው። እነሱም ሲሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቀን ነው፤ ወይ ምርመራው ቸኩሏል፣ ወይ የተጻፈው ቀን ልክ አይደለም።

ምልክት፦ ባለሙያው በወሯ መርምሮ «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ

ባለሙያው ሐቀኛ ነው። በ30 ቀን በእጅ የሚዳሰስ ብዙ ነገር የለም። አንደኛው የማህፀን ቀንድ ከሌላው ትንሽ ወፈር ይላል፣ ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በቅርቡ የወለደች ላም ማህፀንም እንዲሁ ሊመስል ይችላል።

ከ35 ቀን ወዲያ ግን አንድ የማይዋሽ ምልክት ይመጣል። ባለሙያው በፊንጢጣ በኩል ገብቶ የማህፀኑን ቀንድ በሁለት ጣቶቹ ቀስ አድርጎ ይቆነጥጥና ይለቃል። ርጉዝ ከሆነች የማህፀኑ ግድግዳ ከመሾለኩ በፊት አንድ ስስ ክር መሰል ነገር ከጣቶቹ መሀል ሽልክ ብሎ ያመልጣል። የጽንሱ ሽፋን ነው። ይህን ያገኘ ባለሙያ «ይመስለኛል» አይልም። ደጋግሞ መቆንጠጥና ጽንሱ ያለበትን የውሃ ከረጢት መጫን ግን ጽንሱን ሊያጠፋው ይችላል፤ አንዴ ካገኘው እጁን ያውጣ።

መፍትሄው መጠበቅ ነው። በእጅ ከሆነ ከ45 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ያስመርምሩ። ቶሎ ማወቅ ከፈለጉ አልትራሳውንድ ያለው ሐኪም ከ28 እስከ 30 ቀን ጀምሮ ጽንሱንና የልቡን ትርታ በስክሪኑ ያሳይዎታል። የአልትራሳውንድ ትልቁ ጥቅም ባዶዋን ቶሎ ማወቁ ነው፤ ባዶ ላም ሁለት ወር ሙሉ መኖ አትበላብዎትም።

ምልክት፦ በአልትራሳውንድ «ይዛለች» ተባለ፤ ከሳምንታት በኋላ ኮርማ ፈለገች

እዚህ ላይ ሰው ሐኪሙን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ሐኪሙ ያየውን ነው የተናገረው። በ30 ቀን የታየ ጽንስ ሁሉ 60 ቀን አይደርስም፤ አንዳንዱ በመሀል ይሞትና ላሟ ወደ ድራት ትመለሳለች። ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ጥቂት ላሞች ጽንስ በሆዳቸው ይዘው ኮርማ የመፈለግ ጠባይ ያሳያሉ።

ስለዚህ አዳቃዩን ጠርተው «ቶሎ ድገምልኝ» አይበሉት። የማዳቀያው ዘንግ የማህፀኑን በር አልፎ ሲገባ ያለውን ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። መጀመሪያ ይመርምራት፤ ባዶ መሆኗን ካረጋገጠ ያዳቅላት። በ30 ቀን በአልትራሳውንድ የታየች ላምም በ60 ቀኗ አንዴ ብትደገም ጥሩ ነው።

ምልክት፦ ርጉዝ ናት፤ እጁ ያገኘው ግን ከመዝገቡ ቀን ጋር አይገጥምም

ይህ በጣም የሚያጋጥም ነው፣ ሰውም በቀላሉ ያልፈዋል። በምሳሌ እንየው።

አንዲት ላም ጥቅምት 5 ተዳቅላለች ተብሎ ተጽፏል። ጥር 5 ስትመረመር 90 ቀኗ ነው። በ90 ቀን ማህፀኑ ከብዶ ወደ ሆድ መውረድ ይጀምራል፣ እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ ጋር የሚያያዝባቸው ትንንሽ እብጠቶችም በጣት ይገኛሉ። ባለሙያው ግን ማህፀኑን እዚያው ዳሌ አካባቢ አገኘው። እብጠት የለም፣ ሽፋኑ ይሾልካል፣ አንደኛው ቀንድ ውሃ ይዟል። ይህ የሰባት ሳምንት ገደማ እርግዝና ነው።

እረኛው ሲጠየቅ፣ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ በነበሩት ቀናት የጎረቤት ኮርማ ከመንጋው ገብቶ እንደነበር ትዝ አለው። ሒሳቡ ገጠመ። ከጥቅምት 5 ሁለት የድራት ዙር፣ ማለትም 42 ቀን ሲቆጠር ኅዳር 17 ይደርሳል። የጥቅምቱ አልያዘም፤ የኅዳሩ ያዘ።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሒሳብ ይመቻል። የላም እርግዝና 280 ቀን ገደማ ነው፤ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ማለት ነው። በመሀል ጳጉሜን ካለች የእሷን ቀናት ይቀንሱ። በተጻፈው ቀን ብንሄድ ላሟ ሐምሌ 15 ትወልዳለች ተብሎ፣ ሁለት ወር ቀድሞ ግንቦት 15 ወተቷን ማንጠፍ ሊጀመር ነበር። እውነተኛው መውለጃ ነሐሴ 27 አካባቢ ነው፣ የማንጠፊያውም ሰኔ 27። የ42 ቀን ወተት በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊቀር ነበር። ጥጃውም የማን ልጅ እንደሆነ በመዝገቡ መታረም አለበት፤ ከማዳቀያው የመጣው ምርጥ ዘር አይደለም።

መፍትሄው፦ የመጨረሻውን ማዳቀል ብቻ ሳይሆን ኮርማ የነካትን ቀን ሁሉ ይጻፉ። ምርመራውም አራት ወር ሳይሞላት ይሁን። ከዚያ በኋላ ጽንሱ ወደ ሆድ ስለሚወርድ ዕድሜውን በእጅ መገመት ይከብዳል።

ምልክት፦ ወራት አለፉ፤ ኮርማም አትፈልግ፣ ሆዷም አይገፋ

ማህፀኑ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ስትወልድ እንግዴ ልጅ የቀረባት ከሆነች። እጅ ሲገባ ማህፀኑ ሞልቶ ስለሚገኝ «ርጉዝ» ሊያሰኝ ይችላል። ሽፋን ግን አይሾልክም፣ እብጠቶቹም የሉም። በአልትራሳውንድ ንጹሕ ጥቁር ውሃ በማየት ፈንታ ግራጫ ድፍርስ ነገር ይታያል። ስትተኛ ከኋላዋ መግል የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ሕክምናው የሐኪም ነው።

ምልክት፦ የፍየሏ ሆድ ገፋ፤ ቀኗ ደረሰ፤ ግልገል ግን የለም

ፍየል ላይ እጅ አይገባም፤ ጠባብ ናት። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አልትራሳውንድ ላይ ይወድቃል። በፊንጢጣ በሚገባ መንካኪያ ከ25 ቀን ጀምሮ ሊታይ ይችላል። በሆድ በኩል ከሆነ ከ40 እስከ 75 ቀን ያለው ምርጥ ጊዜ ነው። ሐኪሙ በቀኝ በኩል፣ ከጡቷ ፊት ለፊት ባለው ጸጉር አልባ ቆዳ ላይ ጄል ቀብቶ መንካኪያውን ወደ ዳሌዋ ያቀናል። ስንት ግልገል እንደያዘች ለመቁጠርም ጊዜው ያው ነው። ከ90 ቀን በኋላ ግልገሎቹ ስክሪኑን ስለሚሞሉት ቁጥሩ ይምታታል።

ግልገል የሌለበት የገፋ ሆድ ፍየል ላይ የታወቀ ሐሰተኛ እርግዝና ነው። ማህፀኗ ውሃ ብቻ ይሞላል፣ ድራቷ ይቆማል፣ አንዳንዴ ቀኗ ሲደርስ ውሃውን በአንዴ ታፈሰዋለች። በስክሪኑ ሰፊ ጥቁር ውሃና በመሀሉ ስስ መጋረጃ መሰል ክሮች ይታያሉ፤ ጽንስም፣ ከግድግዳው የተለጠፉ እብጠቶችም የሉም። የሞላ የሽንት ፊኛም ጥቁር ሆኖ ይታያልና ፍየሏ ሸንታ እንደገና ትታይ።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ከ40 ቀን በፊት ትክክለኛ እርግዝናም ከውሃ በቀር ብዙ ላያሳይ ይችላል። ማህፀኑን ባዶ የሚያደርገው የፕሮስታግላንዲን መርፌ ደግሞ በየትኛውም ወር ያለችን ርጉዝ ፍየል ያስወርዳታል። ስለዚህ ውሃ ብቻ ከታየ መርፌው ይቆይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ትታይና፣ ያኔም ጽንስና እብጠት ከሌለ ሐኪሙ ይወጋታል። ውሃው ወርዶ ወደ ድራት ስትመለስ አውራ ያገኛትን ቀን ይጻፉ፤ ከዚያ አምስት ወር ይቁጠሩ።