ባሩ ከዜሮ ይጀምር፦ ለዜና የማይዋሽ ግራፍ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ለዜና የሠራሁት ግራፍ ላይ አንድም የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም። ግን ዋሽቷል።

ነገሩ ቀላል ነበር። የአንድ አገልግሎት ተጠቃሚዎች አምና 470 ነበሩ፣ ዘንድሮ 500 ሆኑ። ሁለቱን ቁጥሮች ኤክሴል ውስጥ አስገባሁና ባር ግራፍ መረጥኩ። የዘንድሮው ባር የአምናውን ሦስት እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ደስ አለኝ፣ ሳላጣራ ላክሁት። በማግስቱ አንድ አንባቢ “ተጠቃሚው እንዴት በአንድ ዓመት ሦስት እጥፍ ሆነ?” ብሎ ጻፈልን። ጽሑፉ ውስጥ 6 በመቶ ገደማ ጨመረ ብዬ ነበር። ሰውየው ግን ያየው ባሩን ነው። ተመልሼ ቋሚውን ዘንግ ሳየው፣ የሚጀምረው ከ455 ነው።

ስለዚህ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው።

1. ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ግራፉ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

“ይሄ ከዚያ ይበልጣል” ከሆነ ባር ነው። “በጊዜ ሂደት እንዲህ ተለወጠ” ከሆነ መስመር ነው። “ከጠቅላላው ይሄን ያህል ድርሻ አለው” ከሆነና ክፍሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑ ፓይ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ከሆኑ ወደ ባር ተመለሱ። ባለ ሦስት አውታር ግራፍ የሚባለውን ግን ተዉት። ከፊት ያለውን ያገዝፋል፣ ከኋላ ያለውን ይደብቃል፣ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

2. ባር ከሆነ ዘንጉን ከዜሮ አስጀምሩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንባቢ ባር ሲያይ ቁጥር አያነብም፣ ርዝመት ያወዳድራል። ይሄኛው የዚያ እጥፍ ነው፣ ያኛው ግማሽ ነው ይላል። ዘንጉን ከ455 ስታስጀምሩ የሁለቱንም ባር 455 ቆርጣችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። ከአምናው 15 ቀረ፣ ከዘንድሮው 45። ሦስት እጥፍ የመጣው ከዚህ ነው። የሁለት ሰዎችን ቁመት ከትከሻ በላይ ብቻ ለክቶ “ይሄኛው በእጥፍ ይረዝማል” እንደማለት ነው።

የውሸቱን መጠንም ማስላት ይቻላል። አሜሪካዊው የግራፍ ምሁር ኤድዋርድ ታፍቲ ያስተዋወቀው ስሌት አለ፦ ግራፉ የሚያሳየውን ለውጥ ቁጥሩ ላይ ላለው ለውጥ ማካፈል። የእኔ ግራፍ 200 በመቶ ጭማሪ ያሳያል። እውነተኛው 6.4 በመቶ ነው። ሲካፈል 31 ገደማ ይመጣል። መሆን የነበረበት 1 ነው።

ስሌት ካልወደዳችሁ ማስመሪያ አምጡ። ስክሪኑ ላይ ባሮቹን ለኩ። የአምናው 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የዘንድሮው 10.6 መሆን አለበት። 30 ከሆነ ችግር አለ።

ማስተካከሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኤክሴል ላይ የዘንጉን ቁጥሮች በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ `Format Axis` ግቡ፣ ከዚያ `Bounds` ሥር `Minimum` የሚለው ላይ 0 ጻፉ። ጉግል ሺትስ ላይ ግራፉን ሁለቴ ነክታችሁ `Customize`፣ ቀጥሎ `Vertical axis`፣ ከዚያ `Min` ነው። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ኤክሴል ራሱ ከዜሮ በላይ ሊያስጀምር ስለሚችል “እኔ ምንም አልነካሁም” ማለት አያድንም። እኔም አልነካሁም ነበር።

ዜሮ ስታስገቡ ባሮቹ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። አለቃ “ይሄማ ምን ግራፍ ነው?” ይላል። ትንሹ ልዩነት በእርግጥ ትልቅ ነገር ከሆነ ልዩነቱን ራሱን በባር አሳዩት፦ ይሄኛው በ30 ጨመረ፣ ያኛው በ12 ቀነሰ። ወይም ባሩን ትታችሁ ነጥብ ተጠቀሙ። ነጥብ የሚነበበው በቦታው እንጂ በርዝመቱ ስላልሆነ ከዜሮ መጀመር ግዴታው አይደለም። ዘንጉ መቆረጡን ለማሳየት የምትሠራዋን የዚግዛግ ምልክት ግን አልወዳትም። ምልክቷን ልብ የሚላት የሠራት ሰው ብቻ ነው።

3. መስመር ከሆነ ዜሮ ግዴታ አይደለም

የባሩን ደንብ ከተማርኩ በኋላ ሁሉን ነገር ከዜሮ ማስጀመር ጀመርኩ። እሱም ስህተት ነበር።

የሰውነት ሙቀትን አስቡ። በሽተኛው ጠዋት 37፣ ማታ 39.5 ዲግሪ ነው። ከዜሮ እስከ 100 ባለው ዘንግ ላይ ብትሥሉት መስመሩ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትኩሳቱ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2015 ናሽናል ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዓለምን አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 10 እስከ 110 ፋራናይት በተዘረጋ ዘንግ ላይ አወጣው። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸው ሙቀት እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ታየ።

በሌላ በኩል፣ ከ36.4 ወደ 36.6 የተለወጠን ሙቀት ከ36.3 እስከ 36.7 ባለ ዘንግ ላይ ብትሥሉት ጤነኛውን ሰው ሆስፒታል ታስገቡታላችሁ። እኔ የማደርገው፣ ረዘም ያለ ጊዜ መረጃ አመጣና ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ትንሽ አለፍ አድርጌ ዘንጉን እዘረጋለሁ። የዘንድሮው መዋዠቅ የተለመደ ይሁን አይሁን ያኔ ይታያል።

4. የአግድሙን ዘንግም እዩት

ሁሉም ቋሚውን ሲጠብቅ ይሄኛው ያመልጣል። መረጃችሁ የ2000፣ የ2010፣ የ2020፣ የ2021 እና የ2022 ነው እንበል። ቁጥሮቹ 100፣ 200፣ 300፣ 310፣ 320 ናቸው። በየዓመቱ 10 ነው የጨመረው፣ ስለዚህ ቀጥ ያለ መስመር መውጣት አለበት። ሶፍትዌሩ ዓመቶቹን እንደ ስም ከቆጠራቸው ግን በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል። የአሥር ዓመቱ ክፍተትና የአንድ ዓመቱ እኩል ይሆናሉ። መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ መጨረሻ ላይ ይተኛል፤ “እድገቱ ተገታ” የሚል ርዕስ ይጻፍበታል። ዓመቱን እንደ ቁጥር የሚያነበውን ስካተር ግራፍ ምረጡና ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ።

5. ዘንጉን አትገልብጡ፣ ሁለትም አታድርጉ

እ.ኤ.አ. በ2014 ሮይተርስ በፍሎሪዳ በጦር መሣሪያ የተገደሉ ሰዎችን ግራፍ ሲያወጣ ዜሮውን ከላይ አደረገው። ቀዩ ቀለም እንደ ደም ወደ ታች ይፈስሳል። ከ2005ቱ ራስን የመከላከል ሕግ በኋላ ግድያው ጨምሮ ሳለ ብዙ ሰው ቀነሰ ብሎ አነበበው። ግራና ቀኝ የተለያየ ዘንግ ያለው ግራፍም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የት እንደሚገናኙ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን አድርጉ፣ አበቃ።

6. ለአንድ ሰው አሳዩት

ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ፈልጉ። ቁጥሮቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ለአምስት ሰከንድ አሳዩትና “ምን አየህ?” በሉት። የሚለው ነገር መጀመሪያ ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር ካልገጠመ ተመለሱ።

ያቺን የ470 እና የ500 ግራፍ ከዜሮ አስጀምሬ ለባልደረባዬ አሳየሁት። “እኩል ናቸው እኮ” አለኝ። ግራፉን አነሳሁና “በ30 ሰው ጨመረ” ብዬ ጻፍኩበት።