የሱቅ መድን ውል ሲደርስዎ ከየት ጀምሮ ይነበባል?

ጎንደር አራዳ ላይ የሀገር ልብስ ሱቅ፣ አዘዞ ደግሞ መጋዘን አለዎት እንበል። የእሳትና የስርቆት መድን ገብተው ፖሊሲው ተሰጠዎት። ከመጀመሪያው ገጽ አይጀምሩ፤ የታተመው ውል ለሌላውም ደንበኛ ያው ነው። በእርስዎ ስም የተሞላው «ስኬጁል» የሚባለው ሠንጠረዥ ነውና እሱን ያውጡ።

በሠንጠረዡ ላይ ስምዎ ከንግድ ፈቃድዎ ጋር መግጠሙንና ሽፋኑ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ካዩ በኋላ አድራሻው ላይ ይቆዩ። የተጻፈው አራዳ ብቻ ከሆነ አዘዞ ያለው ዕቃ ቢቃጠል ካሳ መጠየቅ ያስቸግራል።

ቀጥሎ መድን የተገባበትን የገንዘብ መጠን ከዕቃው እውነተኛ ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ብዙ ሰው ለኩባንያው የሚከፍለው አረቦን እንዲቀንስለት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል፤ ጉዳቱ የሚታየው ካሳ ሲጠየቅ ነው። ዕቃው 2,000,000 ብር እያወጣ በ1,200,000 ብር ብቻ ቢመዘገብ፣ መድን የገባው 60 በመቶው ነው። የ500,000 ብር ዕቃ ቢቃጠል፣ ውሉ የተመጣጣኝ ካሳ አንቀጽ ካለው የሚታሰብልዎ የዚያው 60 በመቶ፣ 300,000 ብር ነው። ከካሳው 10 በመቶውን ራስዎ ይሸፍናሉ የሚል ካለ ደግሞ እጅዎ የሚገባው 270,000 ብር ይሆናል። የጠፋው ከተመዘገበው መጠን በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ ብሎ የጠበቀ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል።

ከዚያ ወደ ኢንዶርስመንቶቹ፣ ማለትም ከውሉ ጋር ተያይዘው ውሉን ወደሚያሻሽሉት ወረቀቶች ይሂዱ። ሠንጠረዡ ላይ የተዘረዘሩት ቁጥሮች ሁሉ ከውሉ ጋር መያያዛቸውን አንድ በአንድ ያረጋግጡ፤ የጎደለ ወረቀት ካለ ይጠይቁ። ኢንዶርስመንት ከታተመው ውል ጋር ሲጋጭ ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ኢንዶርስመንቱ ነው። አንዳንዱ ይጨምራል፦ መሠረታዊው የእሳት መድን ብዙውን ጊዜ በሁከትና በአድማ የሚደርስን ጉዳት ስለማይሸፍን፣ ተጨማሪ አረቦን ሲከፈል በዚህ ወረቀት ይገባል። አንዳንዱ ግን ግዴታ ይጥላል፤ ለምሳሌ የእሳት ማጥፊያ በሱቁ እንዲኖር ወይም የሌሊት ጥበቃ እንዲቀጠር። ዕቃውን አስይዘው ተበድረው ከሆነም ካሳው መጀመሪያ ለባንኩ እንዲከፈል የሚል ሊኖር ይችላል።

የትርጓሜ ክፍሉን መጨረሻ ላይ ያንብቡት፤ ግን እንደ መዝገበ ቃላት አይለፉት። እያንዳንዱን ትርጓሜ ሽፋኑ የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እየተኩ ያንብቡ። «ስርቆት» በብዙ ውል ሰብሮ መግባት ወይም ሰብሮ መውጣት ማለት ነው፤ የመሰበር ምልክት መታየት አለበት። ስለዚህ ሠራተኛዎ በጠራራ ፀሐይ ጥበብ ቀሚስ ይዞ ቢጠፋ እርስዎ ሌብነት ቢሉትም ውሉ ስርቆት አይለውም። «የንግድ ዕቃ» የሚለውም የእርስዎን ብቻ ከሆነ፣ ደንበኛ ለስፌት ያስቀመጠው ጥበብ ከሽፋኑ ውጭ ይቀራል።

ያገኙትን ክፍተት በጽሑፍ አድርገው ለኩባንያው ያስገቡና ማህተም ያረፈበት ቅጂ ይያዙ። ወኪሉ በቃል «ችግር የለም፣ ይሸፈናል» ካለዎት፣ ያንኑ በኢንዶርስመንት እንዲያወጣልዎ ይጠይቁት።