የልደት ምስክር ወረቀትና የፓስፖርት ቀን ሳይገጥም ሲቀር፦ ችግርና መፍትሔ

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ ነው። አንዲት የባሕር ዳር ወጣት ለውጭ አገር ትምህርት ወረቀቷን አሟልታ ስትቀርብ፣ በፓስፖርቷ ላይ የተወለደችበት ቀን ጃንዋሪ 3 ቀን 2000 ሲሆን በልደት ምስክር ወረቀቷ የእንግሊዝኛ ክፍል ላይ ግን ጃንዋሪ 4 ቀን 2000 ተብሎ ይገኛል። በሁለቱም ማመልከቻዎቿ ላይ የሞላችው የአማርኛ ቀን ታኅሣሥ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። የቀን ልዩነት ብቻ ቢሆንም፣ ወረቀቱን የሚያመሳክረው የውጭ አገር ሠራተኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ሊጠራጠር ይችላል።

ምክንያቱን ለማግኘት መጀመሪያ የአማርኛውን ቀን ከአማርኛው ጋር ማነጻጸር ይገባል። የአማርኛው ቀን አንድ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በተለወጠበት ቦታ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነበት ዓመት ሲያልፍ፣ ቀጣዩ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ይህም የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ የካቲት 21 ድረስ ይቆይና የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ሲገባ ይስተካከላል። በዘመናችን ይህ ፈቀቅታ የሚደርሰው የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ሲሆን፣ 1992 ከእነዚህ አንዱ ነው። ገናን በታኅሣሥ 28 የምናከብርባቸው ዓመታትም እነዚሁ ስለሆኑ ቀኑን ለማጣራት ሌላ ሰንጠረዥ አያስፈልግም፤ በ1992 ጃንዋሪ 7 ታኅሣሥ 28 ላይ ከዋለ፣ ታኅሣሥ 25 ጃንዋሪ 4 ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ትክክለኛው የልደት ምስክር ወረቀቱ ሲሆን ፓስፖርቱ ተሳስቷል።

ልዩነቱ ሙሉ ዓመት ከሆነ መንስኤው ሌላ ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ደግሞ 8 ይደመራል፤ ታኅሣሥ ሁለቱን ስለሚያካትት ብዙ ጸሐፊዎችን ያደናግራል። ለዚህች ልጅ 7 ብቻ ቢደመር ኖሮ 1999 ይሆን ነበር።

የአማርኛው ቀን ራሱ ከተለያየ ግን ይህ ስሌት አይጠቅምም። ስሕተቱ ያለው መዝገቡ ላይ ስለሆነ መዝገቡን ወደያዘው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መሄድ ግድ ይላል፤ ጉዳዩ ከጽሕፈት ግድፈት አልፎ ወደ ፍሬ ነገሩ ከገባ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠየቅ ይችላል።

መፍትሔው ባለጉዳዩ በደረሰበት ደረጃ ይለያያል። ፓስፖርቱ ገና ካልወጣ፣ ማመልከቻው ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን አሻራ ከመስጠት በፊት ማስተካከል ቀላሉ መንገድ ነው። ፓስፖርቱ ከወጣ፣ ትክክለኛውን የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በኩል እርማት መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዶች ሰልፉን በመፍራት የልደት ወረቀቱን ከተሳሳተው ፓስፖርት ጋር ያስማማሉ፤ ይህ ለጊዜው ቢያሳልፍም መዝገቡ በውጭ አገር ሲጣራ ችግር የሚሆነው ትክክለኛ የነበረው ወረቀት ነው፤ እኔ አልመክረውም። ወረቀቱን በእጅ መሰረዝና በላዩ መጻፍ ደግሞ ሰነዱን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያለበት ሰነድ ቢስተካከል፣ ማኅተሙ ወደ አዲሱ ወረቀት አይተላለፍም። ማኅተሙ የሚያረጋግጠው ከስር ያለው ፊርማና ማኅተም ትክክለኛ መሆኑን እንጂ የቀኑን እውነትነት አይደለም፤ ስለዚህ ትርጉሙም ማረጋገጫውም ከመጀመሪያው ይደገማል። በብዙ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ይህ ሰንሰለት እስከ ኤምባሲያቸው ድረስ ስለሚሄድ ድካሙ የሚበዛው በእነዚህ መንገደኞች ላይ ነው። ወደ አሜሪካ በዲቪ ለሚሄድ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፦ የተላከ የዕጣ ማመልከቻ አይታረምም፣ ነገር ግን ዕጣው ከደረሰው በኋላ የሚሞላው ቅጽ DS-260 ላይ ትክክለኛውን ቀን ማስፈር፣ ተልኮም ከሆነ እንዲከፈትለት መጠየቅ ይችላል። ጀርመን ደግሞ የኢትዮጵያን ሰነድ ሕጋዊ በማድረግ ፈንታ በየመዝገቡ ምንጭ የማጣራት መንገድ የምትከተል ስለሆነች፣ ለዚያ የሚሄድ ሰው ከማኅተም ቁጥር ይልቅ መዝገቡ ላይ ያለው የአማርኛ ቀን ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይሻላል።

ከባሕር ዳር ተነስቶ አዲስ አበባ ከመጓዝ በፊት፣ ልደት የተመዘገበበት ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ የትኛው እንደሆነ ማጣራት ተገቢ ነው። በሌላ ወረዳ የተመዘገበች ልጅ አሁን የምትኖርበት ሰፈር ጽሕፈት ቤት መዝገቧን ሊያርምላት አይችልም።