የደም ኪኒንና የወሎ ቡና፦ ነፍሰ ጡሮች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ነፍሰ ጡር ያያት ሁሉ «ደም እንዲተካልሽ ብይ» ይላታል። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን የበላችው ብረት ደም ውስጥ መግባቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ደጋግመው ከሚያጋጥሙኝ ስህተቶች ጥቂቶቹን ላንሳ። ቡናው ላይ ረዘም እላለሁ፤ እኛ አገር ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ፎሊክ አሲድን ለክትትል ቀን ማቆየት

ብዙዎች ሆዳቸው ገፋ እስኪል ዝም ይላሉ። ሦስት አራት ወር ሲሆን ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ኪኒን ይቀበላሉ። አንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። ለደሙ አልረፈደም። ፎሊክ አሲዱ ከሚሠራው አንድ ትልቅ ሥራ ላይ ግን አልደረሰም።

የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከፀነሰች በ28 ቀን ገደማ ነው። የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ዘገየ ስትል ቱቦው ተዘግቷል ማለት ነው። ሳይዘጋ ከቀረ፣ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ወይም ጭንቅላቱ በትክክል ሳይሠራ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት ፎሊክ አሲድ የምትጀምረው ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ ነው፣ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም። ፋርማሲ ውስጥ 5 ሚሊግራም የሚባለውም አለ። እሱ ከ12 እጥፍ በላይ ስለሆነ ሐኪም ሲያዝ ነው የሚወሰደው፤ ለምሳሌ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ለወለደች።

«እኔ ጎመን እበላለሁ» የምትልም አለች። ጎመን፣ ምስርና ሽንብራ በእርግጥ ፎሌት አላቸው፤ ፎሊክ አሲድ በምግብ ውስጥ ሲገኝ የሚጠራበት ስም ነው። ነገር ግን ጎመኑን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውሃውን ደፍተን ነው የምንሠራው። ፎሌት ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሙቀትም ያጠፋዋል። ደቀቅ አድርጎ ከትፎ በትንሽ ውሃ፣ ቶሎ ማብሰል ይሻላል። ያም ቢሆን ኪኒኑን አይተካም።

ኪኒኑን በምሳና በቡና መሐል መዋጥ

አንዲት ኮምቦልቻ የምትኖር ነፍሰ ጡር እንውሰድ። ቁርሷ ፍርፍር ነው፣ ከወፍራም ሻይ ጋር። ምሳ ሽሮ በላች፤ እንዳትረሳው ብላ ኪኒኗን ወዲያው ዋጠች። ከዚያ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ተፈላ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማታም ሌላ ቡና አለ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ብትውጥም ደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ ፈቀቅ ላይል ይችላል። «ኪኒኑ አይሠራም» ትላለች። ትክክል አይደለችም፣ ግን ብትል አይፈረድባትም።

ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ታኒንና መሰሎቹ አንጀት ውስጥ ብረቱን ይይዙታል። የተያዘ ብረት ወደ ደም አያልፍም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በተለይ የሚጎዳው ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ነው። ኪኒኑም ከዚህ አያመልጥም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ከተጠጣ ብረቱን ይህን ያህል አይነካም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣ ግን ከምግቡ ጋር አብሮ የተጠጣ ያህል ይከለክላል። ምግቡ ገና አንጀት ላይ ነውና። የወሎ ልማድ ደግሞ በትክክል ይሄኛው ነው፦ በልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቡና።

ይህችን ሴት ቡና ተዪ ማለት አይሠራም። ቡናው ዱአው ነው፣ ጎረቤቱ ነው፣ የልብ ወሬው ነው። ኪኒኑን ማዛወር ይቀላል። ራቷን 1 ሰዓት ላይ ትበላለች እንበል። የማታው ቡና ይቀራል ወይም ከራት በፊት ይሆናል። ኪኒኑን 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልትተኛ ስትል፣ በውሃ ትውጣለች። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ወይም ብርቱካን ካለ ደግሞ እሰየው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲያልፍ ያግዛል። በወተት ግን አይሁን፣ ካልሲየሙም ብረቱን ይሻማል። የማታው ሰዓት ሌላም ጥቅም አለው፦ ኪኒኑ የሚያመጣው ማቅለሽለሽ በእንቅልፍ ያልፋል። ምሳዋ ላይ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ትጨምር፤ የቀኑን ቡና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ታዘግየው። ሻዩንም ከቁርሱ ትለየው።

መጠኑም አለ። ብዙ ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ከሦስቱ ካፌይኑ የሚበዛው አቦሉ ነው። ቶናውን አንድ ሲኒ ጠጥቶ መነሳት ነውር የለውም፤ በእርግዝና ምክንያት ማንም አይቀየምም።

ጫትም እዚሁ ይገባል። እሱም ታኒን አለው፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ክብደቱ አነስተኛ ከሆነ ሕፃን ጋርም ይያያዛል። እዚህ ላይ ሰዓት ማዛወር የለም፤ መተው ነው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም እንደዚያው።

ሰገራ ጠቆረ ብሎ ማቋረጥ

ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራው ይጠቁራል። ያልተመጠጠው ብረት ነው፤ ደም መፍሰስ አይደለም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ የሚሸት ከሆነ ብቻ ሐኪም ይየው። «ኪኒኑ ልጁን ያተልቀዋል፣ ምጡ ይከብዳል» የሚለውም ወሬ ብቻ ነው።

ጤፍ አለኝ ብሎ መዘናጋት

ጤፍ ብረት አለው፣ ቀዩ ደግሞ በብዛት። ነገር ግን ከሚለካው ብረት የተወሰነው አውድማ ላይ ሲወቃ የገባ አፈር ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ በደንብ አይመጠጥም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረት የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ፣ በአግባቡ የቦካ እንጀራ ይመረጣል። አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ካለች ግን አትሳቁባት። ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው፤ የምትበላው አፈር ደግሞ ትል ያመጣል፣ ያላትንም ብረት ያስቀራል። በቀጥታ ምርመራ ትሂድ።

ለደም ተብሎ ጥሬ ሥጋና ጉበት

ቀይ ሥጋ ጥሩ የብረት ምንጭ ነው፣ ከበሰለ። ጥሬውና ለብ ለብ ክትፎው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እናትየዋ ሳይታወቃት የፅንሱን ዓይንና አንጎል ይጎዳል። ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ እርጎ ብሩሴላና ሊስቴሪያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱም ሊያስወርዱ ይችላሉ። ወተቱ ይፍላ፣ እርጎው ከፈላው ይሠራ።

ጉበት ብዙዎችን ያስገርማል። በደንብ ቢበስልም በቫይታሚን ኤ እጅግ የበለጸገ ነው፤ 100 ግራም የከብት ጉበት ለነፍሰ ጡር የቀን ጣሪያ የሆነውን 3,000 ማይክሮግራም በቀላሉ ያልፋል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የፅንሱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ዱለትም ጉበት አለበት። ከጉበቱ የበሰለ ቀይ ሥጋ ይሻላል፤ ካልተገኘ ምስርና ሽሮ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር።

ወደ ኮምቦልቻዋ ሴት ልመለስ። ሰዓቱን ካስተካከለች በኋላ በ4 ሳምንት ገደማ ሄሞግሎቢኗ እንደገና ይለካ። ደም ማነስ ካለባት ወደ 1 ግራም ያህል መጨመር ይጠበቃል። በእርግዝና ከ11 በታች ደም ማነስ ይባላል፤ ግን ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ስለሚጨምር፣ ደሴ ላይ 11 ተኩል ያላት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ልትሸኝ አይገባም። ኪኒኑን በትክክል ወስዳ ካልጨመረ፣ ትል፣ ወባ ወይም ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ኪኒኑን በራስ ፈቃድ እጥፍ ማድረግ ግን አይፈቀድም፤ ያንን ሐኪሙ ወይም አዋላጇ ትወስን።