ግራመር መጽሐፍና ዲክሽነሪ ስትገዙ ከሽፋኑ በፊት ምን ማየት አለባችሁ

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከሂርማታ አካባቢ ከአንድ መደርደሪያ ላይ ግራመር መጽሐፍ ገዝታ እኔ ጋ መጣች። ሰማያዊው ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ ነው፣ የሬይመንድ መርፊ። ሽፋኑ ላይ ፊፍዝ ኤዲሽን ይላል፣ ሻጩም "እህቴ ይሄ አሁን የገባ ነው፣ ኦርጅናል" ብሏት የኦርጅናል ዋጋ ከፍላለች። እኔ ተቀብያት መጀመሪያ ያየሁት ሽፋኑን አይደለም፣ የርዕሱን ገጽ ገልጬ ጀርባውን ነው ያየሁት፣ እዛ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ስለዚ ያን ቀን አብረን ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ እናንተም ሻጩ ፊት ቆማችሁ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለችውን ገጽ አንብቡ

የኮፒራይት ገጽ የምትባለው ነች፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው፣ ማንም የማያነባት። እዛ ላይ መጽሐፉ መጀመሪያ መቼ እንደታተመና እያንዳንዱ እትም በስንት ዓመተ ምህረት እንደወጣ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያው እትም በፈረንጆቹ 1985 ነው፣ ሁለተኛው 1994፣ ሦስተኛው 2004፣ አራተኛው 2012፣ አምስተኛው 2019። የአክስቴ ልጅ መጽሐፍ ላይ ዝርዝሩ 2012 ላይ አለቀ። ሽፋኑ አምስተኛ ነው ይላል፣ ውስጡ ግን አራተኛ ነው፣ ማለትም አንድ ሰው የአራተኛውን ውስጥ ኮፒ አድርጎ የአምስተኛውን ሽፋን አልብሶታል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እትምና ድጋሚ ህትመትን አንድ ስለሚያደርግ ነው። አዲስ እትም ማለት ይዘቱ ተነክቷል ማለት ነው፣ ምሳሌ ተቀይሯል፣ ክፍል ተጨምሯል ወይ ተቀንሷል። ሪፕሪንት የሚል ካለ ግን ያው መጽሐፍ እንደገና ታተመ እንጂ አንዲት ቃል ላይቀየር ይችላል። ስለዚ "የ2016 ነው" ቢሏችሁና ገጹ ላይ 2016 ሪፕሪንትድ ቢል፣ የእትሙ ዓመት ከሱ በላይ ያለው ነው።

ሌላው እኛ አገር የሚያጋጥም ነገር አለ። እዚሁ የታተመ መጽሐፍ ላይ ያለው ዓመት የኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። 2007 ዓ.ም የሚል አማርኛ እንግሊዝኛ ዲክሽነሪ በፈረንጅ 2014 ወይ 2015 ነው፣ ከውጭ ከመጣ የ2007 መጽሐፍ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እኩል ነው ብትሉ ሰባት ስምንት ዓመት ተሸወዳችሁ። "ዓ.ም" ብቻ ነው የሚለው ወይስ "እ.ኤ.አ" ይላል፣ እሱን እዩ።

የኮፒራይት ገጹ ጭራሽ ከሌለስ? ያኔ ኮፒ እንደሆነ ቁጠሩትና የኮፒ ዋጋ ብቻ ተነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን አስተያዩ

ከጀርባ ሽፋኑ ባርኮድ ላይ አይኤስቢኤን የሚባል ቁጥር አለ፣ ከፈረንጆቹ 2007 ወዲህ 13 አሃዝ ነው፣ ከዛ በፊት 10 ነበር። ይሄው ቁጥር የኮፒራይት ገጹ ላይም መኖር አለበት፣ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው፣ ዋናው ምርመራ ይሄ ነው። የሷ መጽሐፍ ከውጭ 9781108457651 ይላል፣ እሱ የአምስተኛው እትም መልስ ያለው ቅጂ ቁጥር ነው። ከውስጥ ግን 9780521189064፣ እሱ ደግሞ የአራተኛው። ከዚህ በኋላ ሻጩ ምንም ቢል ክርክር የለም። አንዳንዴ ከውስጥ ከአንድ በላይ ቁጥር ይኖራል፣ መልስ ላለውና ለሌለው ለየብቻ ስለሚሰጥ፣ ያኔ የጀርባው ከነሱ አንዱ ከሆነ ይበቃል።

ቁጥሩ አሳታሚውንም ይነግራችኋል። ከ978 ቀጥሎ ያለው 0 ወይ 1 ከሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ምድብ ነው፣ ከዛ 521 ወይም 108 ካለ ካምብሪጅ ነው፣ 0 ብሎ 19 ካለ ኦክስፎርድ። በኢትዮጵያ የተመዘገበ ደግሞ 978 ብሎ 99944 ሊል ይችላል። ስለዚ ሽፋኑ ላይ ኦክስፎርድ በትልቁ ተጽፎ ቁጥሩ በ978019 ካልጀመረ ቆም በሉ፣ ስሙን ለማድመቂያ ብቻ ተጠቅመውበት ይሆናል።

የመጨረሻዋ አሃዝ ማረጋገጫ ነች፣ ስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ መሞከር ትችላላችሁ። ከፊት ያሉትን 12 አሃዞች አንዱን እንዳለ ቀጣዩን በ3 እያባዛችሁ ደምሩ። 9781108457651 ላይ 9 ሲደመር 21 ሲደመር 8 ሲደመር 3 እያልን ስንሄድ 109 ይመጣል፣ ወደ ሚቀጥለው አስር ማለትም 110 ለመድረስ 1 ይጎድላል፣ የመጨረሻዋ አሃዝም 1 ነች፣ ልክ ነው። ካልገጠመ ቁጥሩ ዝም ብሎ የተጻፈ ነው። ቢገጥምም ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፣ ትክክለኛ ቁጥር ኮፒ ማድረግ ቀላል ስለሆነ፣ ለዛ ነው የውስጡንና የውጩን ማስተያየት ይበልጣል የምለው።

ሦስተኛ፣ ደረጃው የናንተ ነው ወይ

እውነቱን ለመናገር የሷ ትልቁ ችግር ኮፒ መሆኑ አልነበረም። አራተኛውም አምስተኛውም 145 ክፍል ነው ያላቸው፣ ለተማሪ ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ሰማያዊው ለሷ ከባድ መሆኑ ነው። የዚህ ዘር ሦስት ቀለም አለው፣ ቀዩ ኤሴንሻል የሚለው ለጀማሪ ነው፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ አረንጓዴው አድቫንስድ፣ እሱን የጻፈው ደግሞ ማርቲን ሂዊንግስ ነው። ሽፋን ላይ ኤ1 ኤ2 ቢ1 ቢ2 ሲ1 ሲ2 የሚል ካያችሁ የአውሮፓ ካውንስል መለኪያ ነው፣ ኤ1 ገና ጀማሪ፣ ሲ2 የመጨረሻው፣ ቀዩ ከታች፣ ሰማያዊው ቢ1ና ቢ2 አካባቢ ነው።

መለኪያውን ግን ከሽፋን አትውሰዱ፣ ራሳችሁን ፈትኑ። እነዚህ መጽሐፎች መጨረሻ አካባቢ ስተዲ ጋይድ የሚባል የምርጫ ጥያቄ አላቸው፣ ያቃታችሁ ጥያቄ የትኛውን ክፍል ማጥናት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። መጽሐፉ የተደረደረው በርዕስ እንጂ ከቀላል ወደ ከባድ አይደለም፣ ስለዚ ከ1 ጀምሮ እስከ 145 መሄድ የለባችሁም፣ ብዙ ሰው ክፍል 20 ላይ ሰልችቶት የሚተወው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ የምጠቀምበት ልኬት ይሄ ነው፣ አስር ጥያቄ ስሩ፣ ከሰባት በላይ ከተሳሳታችሁና ማብራሪያውን ስታነቡም የማብራሪያው እንግሊዝኛ ራሱ ዲክሽነሪ የሚያስከፍት ከሆነ አንድ ቀለም ውረዱ። እሷ ስምንት ተሳሳተች፣ ፕረዘንት ፐርፌክቱ ላይ ማብራሪያው ራሱ አልገባትም፣ ስለዚ ቀዩ።

ብቻችሁን የምታጠኑ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ዊዝ አንሰርስ ማለቱን አረጋግጡ፣ መልስ የሌለው ቅጂ ለክላስ ነው የተዘጋጀው። ኮፒ ከሆነ ደግሞ መጨረሻውን ገልጣችሁ የመጨረሻው ክፍል መልስ መኖሩን እዩ። ግራ ገጽ ማብራሪያ ቀኝ ገጽ መልመጃ ስለሆነ አንዲት ቅጠል ከጎደለች የአንዱ ክፍል ማብራሪያ ከሌላ ክፍል መልመጃ ጋር ይፋጠጣል፣ መሀል መሀሉን ገልጣችሁ ቁጥሩን አስተያዩ።

አራተኛ፣ ዲክሽነሪው

መጀመሪያ ለተማሪ የተዘጋጀ ነው ወይስ እንግሊዝኛ አፉን ለፈታበት ሰው? ሽፋኑ ላይ ለርነርስ የሚል ካለ ለኛ ነው፣ ትርጉሙን በተወሰኑ ቀላል ቃላት ነው የሚጽፈው። ሎንግማን በ1978 ሲወጣ ወደ 2000 በሚጠጉ ቃላት ብቻ ነው ሁሉንም የተረጎመው። ኮንሳይስ ምናምን የሚሉት ግን ጥሩ መጽሐፍ ሆነው ለኛ አይሆኑም፣ አንዱን ቃል ለመረዳት ሌላ አምስት ያስፈልጉዋችኋል። ዌብስተር የሚለው ስም ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ማንም አሳታሚ ሊጠቀምበት የሚችል ስም ነው፣ የድሮውን ቤት የወረሰው ሜሪያም ዌብስተር ነው፣ ሁለቱ ቃላት አብረው መኖራቸውን እዩ።

ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስን በተመለከተ ስምንተኛው እትም 2010፣ ዘጠነኛው 2015፣ አስረኛው 2020 ነው። ሽፋን ለማመን ከከበዳችሁ "ሰልፊ" የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ ዘጠነኛውና አስረኛው ላይ አለ፣ የ2010ሩ ላይ ሊኖር አይችልም። አስረኛ ነው የተባለ ዲክሽነሪ ሰልፊ ከሌለው ውስጡ አሮጌ ነው። ቀጥሎ ከቃሉ አጠገብ ያለውን የአነባበብ ምልክት አጉልታችሁ እዩ፣ መጥፎ ኮፒ ላይ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ነች። የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፣ ከደበዘዘ የአስረኛ እትም ኮፒ ይልቅ ያገለገለ ግን ኦርጅናል ሰባተኛ ወይ ስምንተኛ እገዛለሁ፣ የግሱ አጠቃቀምና ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ብዙም አይለያይም፣ በዋናነት የሚጎድለው አዳዲስ ቃል ነው።

የእንግሊዝኛ አማርኛውን ስትመርጡ ሁለት ቃል ብቻ ፈትኑ፣ ሌንድና ቦሮው። በአማርኛ ማዋስና መዋስ፣ ማበደርና መበደር እየተባለ በግልጽ ይለያያል፣ ስለዚ ሁለቱንም "ማበደር" ብሎ ያለፈ ወይ ሁለቱንም "ብድር" ያለ አዘጋጅ ቃሉን ከሌላ ዝርዝር ገልብጧል እንጂ አላሰበበትም። ሌላው አድቫይስ ነው፣ የማይቆጠር ስም መሆኑን የሚናገር ምልክት ከሌለው "አድቫይስስ" ብላችሁ እንድትጽፉ ይተዋችኋል። የአዘጋጁ ስምና የአሳታሚው አድራሻ የሌለው ዲክሽነሪ ላይ ደግሞ ይሄን ፈተና እንኳን ማባከን አያስፈልግም። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ አማርኛ በፈረንጆቹ 1973 የወጣ ሆኖ እስካሁን የሚታመነው ማን እንዳዘጋጀው ስለሚታወቅና ትርጉሞቹን ስለለያየ ነው፣ የኮምፒውተርና የሞባይል ቃል ግን ከሱ አትጠብቁ።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ መጽሐፉን ይዛ ተመለሰች፣ ሁለቱን ቁጥሮች ለሻጩ አሳየችው፣ እሱም ብዙ ሳይከራከር ልዩነቱን መለሰላትና በሰማያዊው ፋንታ ያገለገለ ኦርጅናል ቀይ ሰጣት። መልመጃው ላይ የቀድሞው ባለቤት መልስ ጽፎበታል፣ እሱንም እንድታይ ነግሬያት ነበር፣ በእስክሪብቶ ቢሆን ተይው ብያት። በእርሳስ ነበር፣ ማታ ቁጭ ብላ እስከ ክፍል 30 በላጲስ አጠፋችው።